1% ሪስክ ብዬ የጻፍኩት ቦት በአንድ ትሬድ ለምን 3% ገደማ ይከስራል?

ማለዳ_ዱባይ

ሰላም ለዚህ መድረክ ሰዎች። በሜታትሬደር 5 ላይ ወርቅ የሚነግድ ቦት ጽፌያለሁ። አካሄዱ ቀላል ነው። በአንድ ሰዓት ቻርት ላይ ዋጋው ያለፉትን 20 ካንድሎች ከፍታ ሰብሮ ሲወጣ ይገዛል፣ ዝቅታቸውን ሰብሮ ሲወርድ ይሸጣል። ስቶፕ ሎሱን የሚያስቀምጠው በ ATR ሁለት እጥፍ ርቀት ላይ ነው። በእያንዳንዱ ትሬድ ከአካውንቱ 1% በላይ እንዳይከስር ብዬ የሎቱን መጠን ራሱ እንዲያሰላ አድርጌዋለሁ።

ባክቴስቱ ላይ ሁሉም ነገር ልክ ነበር። ኪሳራዎቹ በሙሉ 1% አካባቢ ናቸው። አሁን 500 ዶላር አስገብቼ በእውነተኛ አካውንት ሳስጀምረው ግን ስቶፕ በተመታ ቁጥር 14 ዶላር ገደማ ይሄዳል። የ500 ዶላር 1% 5 ዶላር ነው። ችግሩ ከብሮከሩ ነው ከኮዱ? ሎቱን የሚያሰላው ክፍል ይኸው፦

```
double risk = AccountInfoDouble(ACCOUNT_BALANCE) * 0.01;
double lot  = risk / (slDist / tickSize * tickValue);
lot = MathMax(lot, SymbolInfoDouble(_Symbol, SYMBOL_VOLUME_MIN));
lot = NormalizeDouble(lot, 2);
```

ፈጣን_ስካልፐር

ወንድሜ፣ ብሮከሩን ተወው። ስቶፕህ ሩቅ ስለሆነ ነው። 0.01 ሎት ወርቅ 1 አውንስ ነው። ዋጋው 1 ዶላር ሲንቀሳቀስ አንተም 1 ዶላር ታገኛለህ ወይም ታጣለህ። ስቶፕህ 14 ዶላር ርቆ ከተቀመጠ 14 ዶላር ትከስራለህ። 5 ዶላር ላይ አስጠጋው፣ ኪሳራህ በቀጥታ 1% ይሆናል። አለቀ።

የድሮ_ነጋዴ

ስካልፐር ስሌቱን በትክክል ነግሮሃል። መፍትሔው ላይ ግን አልስማማም።

መጀመሪያ ኮድህን እንይ። ሁለተኛው መስመርህ በትክክል አስልቷል። 5 ዶላር ለ14 ዶላር ርቀት ሲካፈል 0.0036 ሎት ገደማ ይመጣል። ይህን የሚያህል ትንሽ ሎት ግን ብሮከርህ አይቀበልም። ዝቅተኛው 0.01 ነው። ሦስተኛው መስመር ላይ ያለው `MathMax` ያንን ያይና ሳይነግርህ ወደ 0.01 ከፍ ያደርገዋል። የ1% ሕግህ የፈረሰው እዚያ ላይ ነው። ቦቱ «ይህን ትሬድ በሕጉ መሠረት መግባት አልችልም» ማለት ሲገባው ሕጉን ጥሶ ገባ።

አራተኛው መስመርም ያው ችግር አለበት፣ ለጊዜው አልታየህም እንጂ። `NormalizeDouble` ወደ ቅርቡ ቁጥር ነው የሚያጠጋጋው። አካውንትህ 2,200 ዶላር ቢሆን ኖሮ ስሌቱ 0.0157 ይልሃል፣ እሱ 0.02 ያደርገዋል። 22 ዶላር ልትከስር ተነስተህ 28 ትከስራለህ። ጣሪያ ለመጠበቅ የተጻፈ ስሌት ሁልጊዜ ወደ ታች ነው ማጠጋጋት ያለበት።

ከሁሉ የከፋው ደግሞ ይህ ነው። የመቶኛ ሕግ የሚጠቅመው ስትከስር ሎቱ አብሮ ስለሚያንስ ነው። አንተ ግን 0.01 ላይ ተጣብቀሃል። በተከታታይ አሥር ጊዜ ብትከስር 140 ዶላር ይሄድና 360 ይቀርሃል። የሚቀጥለው ኪሳራ አሁንም 14 ዶላር ነው። ያ ከ360 ላይ 3.9% ገደማ ነው። አካውንቱ ባነሰ ቁጥር ሪስኩ ይጨምራል። በእውነተኛ 1% ብትሠራ ኖሮ ከአሥር ተከታታይ ኪሳራ በኋላ 452 ዶላር ገደማ ይኖርህ ነበር።

ስካልፐር ስቶፑን አስጠጋው ላለው ልመልስ። የ ATR ሁለት እጥፍ የወሰድከው ወርቅ በአንድ ሰዓት ውስጥ በአማካይ 7 ዶላር ስለሚወዛወዝ ነው። 5 ዶላር ላይ ካደረግከው የገበያው ተራ ውዝዋዜ ብቻ ይመታሃል። ስቶፕ የሚቀመጠው ሐሳብህ ስህተት መሆኑ በሚታወቅበት ዋጋ ላይ ነው። ያ ቦታ መጀመሪያ ይወሰናል፣ ሎቱ ከእሱ ይሰላል። ኪስህ ስለጠበበ ስቶፑን ካንቀሳቀስክ የሞከርከውን ስልት ትተህ ሌላ ያልሞከርከውን እየነገድክ ነው።

ማለዳ_ዱባይ

ጋሼ፣ በጣም አመሰግናለሁ። `MathMax` ያስገባሁት «invalid volume» የሚለው ስህተት ስላስቸገረኝ ነበር። ግን አንድ ነገር አልገባኝም። ባክቴስቱ ይህንኑ ኮድ ነው የተጠቀመው። ለምን እዚያ ላይ አልታየም?

የድሮ_ነጋዴ

ባክቴስቱን በስንት ዶላር ነው የጀመርከው? ከየትኛው ዓመትስ?

ማለዳ_ዱባይ

በ10,000 ዶላር። ከ2019 እስከ 2023።

የድሮ_ነጋዴ

መልሱ እሱ ነው። በ10,000 ዶላር 1% 100 ዶላር ነው። ስቶፑ 14 ዶላር ቢርቅ እንኳ 0.07 ሎት ይወጣል። ዝቅተኛው ሎት ጋር በጭራሽ አልደረስክም። ሦስተኛው መስመር በባክቴስቱ ሁሉ አንድም ጊዜ ሥራ ላይ ሳይውል ነው ያለፈው።

ዓመቱም ለውጥ አለው። በ2019 ወርቅ ከ1,600 ዶላር በታች ነበር። በ2025 ከ4,000 አለፈ። ዋጋው ሲያድግ በዶላር የሚለካው ውዝዋዜም አብሮ ያድጋል። ስለዚህ ያው 0.01 ሎት ያኔ ከሚሸከመው በላይ ብዙ ገንዘብ ይሸከማል። የድሮውን ኪሳራ አይተህ የዛሬውን አትገምት።

አሁን ባክቴስቱን በ500 ዶላር አስጀምረህ፣ `MathMax`ን አውጥተህ፣ ሎቱ ከዝቅተኛው ሲያንስ ትሬዱን እንዲዘል አድርገህ እንደገና አሂደው። ስንት ትሬድ እንደዘለለ በ `Print` አስመዝግብ። የምታየው ነገር ያስገርምሃል ብዬ አስባለሁ።

ሶል_በርሊን

ኮዱን በተመለከተ ልጨምር። `tickValue`ን በእጅ ማባዛት ወርቅ በዶላር አካውንት ላይ ይሠራል። ነገ ግን ቦቱን USDJPY ላይ ብታስቀምጠው፣ ወይም እንደ እኔ አካውንትህ በዩሮ ቢሆን፣ የምንዛሬ ልውውጡ መሀል ይገባል። አንዳንድ ብሮከሮች የሚሰጡት የ `tickValue` ቁጥር ራሱ ያልተስተካከለ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። እኔ ስሌቱን ለፕላትፎርሙ ነው የምተወው። በአንድ ሎት ከመግቢያው እስከ ስቶፑ ስንት እንደምከስር በአካውንቴ ገንዘብ ይነግረኛል፦

```
double loss1 = 0;
if(!OrderCalcProfit(type, _Symbol, 1.0, entry, sl, loss1)) return 0;
if(loss1 >= 0) return 0;
double lot = MathFloor(MathMin(risk / MathAbs(loss1), maxLot) / step) * step;
if(lot < minLot) return 0;
return lot;
```

0 ሲመለስ ቦቱ ትሬዱን ይዘላል። `maxLot` ላይ በኋላ እመለሳለሁ።

ስፕሬድንም አትርሳ። የሜታትሬደር ቻርት የሚያሳይህ የመሸጫውን ዋጋ፣ ማለትም ቢዱን ነው። ስትሸጥ የምትገባው በቢድ ነው፣ ስቶፕህ የሚመታው ግን በአስክ ነው። ስለዚህ ስቶፑን ከቻርቱ ከፍታ ላይ የምትለካ ከሆነ ለሽያጭ ትሬዶች ስፕሬዱን መጨመር አለብህ። ካልጨመርክ ቻርቱ ላይ ዋጋው ስቶፕህ ጋር ሳይደርስ ተመተህ ታገኘዋለህ። በተለይ ኒውዮርክ ከቀኑ 11 ሰዓት ሲሆን፣ ቀኑ በሚዞርበት ጊዜ፣ ስፕሬዱ በጣም ይሰፋል።

ፋና21

ርዕሱ እኔንም ይመለከተኛል። እኔ የፕሮፕ ፈርም ፈተና ላይ ነበርኩ። የቀን ኪሳራ ገደቡ 4% ነው። ቦቴ በአንድ ትሬድ 1.5% ብቻ ነው የሚጠቀመው፣ ስሌቱም ትክክል ነው፣ ወደ ታች ነው የሚያጠጋጋው። EURUSD፣ GBPUSD እና AUDUSD ላይ አስቀምጬዋለሁ፣ ሦስቱንም ገዝቶ ነበር። የአሜሪካ የሥራ ስምሪት ሪፖርት ሲወጣ ሦስቱም ስቶፕ ተመቱና በደቂቃዎች ውስጥ አካውንቱ ተዘጋ። ስለዚህ የአንድ ትሬድ ገደብ ዋጋ የለውም፣ የቀን ገደብ ነው ማስቀመጥ ያለባችሁ ባይ ነኝ።

ሶል_በርሊን

ፋና፣ የደረሰብሽ ነገር ያሳዝናል። ግን የቀን ገደብ ብቻ አያድንሽም ነበር። ሦስቱ ትሬዶች ቀድመው ተከፍተዋል። 4% ላይ ቦቱ «አቁም» ቢልም ገበያው ያን ጊዜ አልፎሻል።

ሦስቱን ስትገዢ ሦስት ትሬድ የገባሽ ይመስላል። ሦስቱም ግን ዶላር ይወድቃል የሚል አንድ ሐሳብ ናቸው። ዶላር በአንድ ዜና ሲጠነክር አብረው ይወርዳሉ። 1.5 ሲደመር 1.5 ሲደመር 1.5፣ 4.5% ነው። ዜናው ያመጣው ስሊፔጅ ሳይጨመር ከገደብሽ አልፏል።

እኔ ቦቱ አዲስ ትሬድ ከመግባቱ በፊት የተከፈቱትን ሁሉ እንዲቆጥር አደርጋለሁ። እያንዳንዱ አሁን ካለበት ዋጋ እስከ ስቶፑ ስንት ሊያሳጣኝ ይችላል? በዶላር ላይ የተመሠረቱትን ሁሉ እደምራለሁ። የእኔ ጣሪያ 2% ነው። 1.5 ቀድሞ ካለ ለአዲሱ የሚቀረው 0.5 ነው። ሎቱ ከዚያ ይሰላል፣ ወይም ይዘለላል።

ፋና21

ታዲያ ሁለተኛውና ሦስተኛው ሁልጊዜ ትንሽ ሎት ይሆናሉ። ከሦስቱ የተሻለው ሦስተኛው ቢሆንስ?

ሶል_በርሊን

እውነትሽን ነው፣ ቀድሞ የመጣው ብዙ ይወስዳል። 2%ን ለሦስት አካፍሎ ለእያንዳንዱ 0.67% መመደብም ይቻላል። ያኔ አንዱ ብቻ ሲገባ አቅምሽን ሳትጠቀሚበት ትቀሪያለሽ። የትኛው እንደሚሻል በራስሽ ስልት ላይ ካልሞከርሽው ከውጭ ሆኜ መናገር አልችልም።

ፈጣን_ስካልፐር

ሁላችሁም የስቶፕን ርቀት እንደ ጠላት ታዩታላችሁ። እኔ 10,000 ዶላር አካውንት ላይ EURUSDን በ5 ፒፕ ስቶፕ ነው የምነግደው። 1% 100 ዶላር ነው፣ ስለዚህ 2 ሎት እገባለሁ። ስቶፕ ሲመታ 100 ዶላር ይሄዳል። አንድም ቀን ከዚያ ብዙ አልፎ አያውቅም። ሕጉ ያው ሕግ ነው። 5 ፒፕ ሆነ 50 ፒፕ፣ ኪሳራው 1% ነው።

የድሮ_ነጋዴ

ስካልፐር፣ እዚህ ላይ ቆም ብለህ ስማኝ። ስቶፕ ሎስ ዋስትና አይደለም። ዋጋው እዚያ ሲደርስ «በተገኘው ዋጋ ውጣ» የሚል ትዕዛዝ ነው። በመሀል ዋጋ ከሌለ የምትወጣው ቀጥሎ ባለው ዋጋ ነው።

ጃንዋሪ 15 ቀን 2015 ያኔ ገበያ ላይ የነበረ ሰው አይረሳውም። የስዊዘርላንድ ማዕከላዊ ባንክ ከሴፕቴምበር 2011 ጀምሮ አንድ ዩሮ ከ1.20 ፍራንክ በታች እንዳይወርድ ሲከላከል ቆይቶ፣ ያን ቀን በድንገት መከላከሉን አቆመ። EURCHF በደቂቃዎች ውስጥ ከ1.00 በታች ወረደ። በመሀል ገዢ አልነበረም። አልፓሪ ዩኬ ከሰረ። ኤፍኤክስሲኤም የ300 ሚሊዮን ዶላር ብድር ወስዶ ነው የተረፈው። ደንበኞቹ ስቶፕ አልነበራቸውም ማለት አይደለም። ብዙዎቹ ነበራቸው።

በቁጥር እንየው። የ10,000 ፍራንክ አካውንት አለህ እንበል። በ1.2010 ገዝተሃል። 1% 100 ፍራንክ ነው። ስቶፕህ 20 ፒፕ ዝቅ ብሎ 1.1990 ላይ ከሆነ ሕጉ 0.5 ሎት ይሰጥሃል፣ ማለትም 50,000 ዩሮ። ትዕዛዝህ 1.05 ላይ ቢፈጸም 7,550 ፍራንክ ታጣለህ። በጣም መጥፎ ነው፣ ግን ጥቂት ይተርፍሃል። አሁን የአንተን 5 ፒፕ እንውሰድ። ሕጉ 2 ሎት፣ 200,000 ዩሮ ይሰጥሃል። በዚያው 1.05 ብትወጣ 30,200 ፍራንክ ነው። የአካውንትህ ሦስት እጥፍ።

ሁለቱም በወረቀት ላይ «1% ሪስክ» ነበሩ። ስቶፕ በቀረበ ቁጥር ሎቱ ያብጣል፣ ሎቱ ባበጠ ቁጥር ጋፕ የሚያደርሰው ጉዳት ይሰፋል። የመቶኛ ሕጉ ይህን አያየውም፣ ምክንያቱም ስቶፑን ያምነዋል።

ሶል_በርሊን

ያልኳችሁ `maxLot` ለዚህ ነው። ሁለተኛ ጣሪያ ነው፣ ስቶፑን ከቁጥር የማያስገባ። እኔ እንዲህ ነው የማስበው፦ ዋጋው 3% በአንድ ጊዜ ዘልሎ ቢሄድብኝ ከአካውንቴ ከ6% በላይ ማጣት አልፈልግም። ስለዚህ የትሬዱ ጠቅላላ ዋጋ ከአካውንቴ ሁለት እጥፍ አይበልጥም። በ10,000 ዶላር ከ20,000 ዶላር በላይ የሆነ ትሬድ አይገባም። ቦቱ የ1%ን ሎት ያሰላል፣ የዚህኛውንም ያሰላል፣ ትንሹን ይወስዳል።

ማለዳ፣ ይህ አንተንም ይመለከታል። ወርቅ 4,000 ዶላር አካባቢ ከሆነ 0.01 ሎትህ 4,000 ዶላር ነው። አካውንትህ 500 ነው። የአካውንትህን ስምንት እጥፍ እየነገድክ ነው ማለት ነው። ወርቅ ቅዳሜና እሁድ ዘልሎ ሰኞ 3% ዝቅ ብሎ ቢከፈት 120 ዶላር ይሄዳል። ያ የአካውንትህ 24% ነው፣ ስቶፕህ 14 ዶላር ላይ ተቀምጦ እያለ።

ፈጣን_ስካልፐር

2015ን ሁሉም ያነሳል። ያ የተለየ ገንዘብ፣ የተለየ ቀን ነበር። EURUSD ላይ ማንም ወለል አልያዘም። ደግሞ እኔ ዜና ሊወጣ ሲል እዘጋለሁ፣ ሌሊት አላሳድርም፣ ትሬዴ ደቂቃዎች ነው የሚቆየው። በዚህ በሁለት እጥፍ ሕግ 2 ሎቴ ወደ 0.17 ይወርዳል። በ5 ፒፕ ስቶፕ 8 ዶላር ተኩል ማለት ነው። ስልቱን ገደላችሁት። አውሮፓ ላላችሁት ደግሞ ከ2018 ጀምሮ አካውንት ከዜሮ በታች እንዳይወርድ ሕጉ ይጠብቃችኋል።

ሶል_በርሊን

የአውሮፓው ሕግ ዕዳ ውስጥ እንዳልገባ ይጠብቀኛል። አካውንቱ ውስጥ ያለውን ግን አይጠብቅልኝም። 10,000ው ሙሉ በሙሉ ቢሄድም ሕጉ አልተጣሰም።

ሌሊት የማታሳድር ከሆነና ዜና ላይ የምትዘጋ ከሆነ ከእኔ የበለጠ እጥፍ ብትወስድ አልቃወምም። አምስት እጥፍ በል፣ ስምንት በል። ቁጥሩ ግን ኮዱ ውስጥ ተጽፎ ይቀመጥ። አሁን የአንተን መጠን የሚወስነው ስቶፕህ ብቻ ነው። ቦቱ አንድ ቀን ጸጥ ባለ ገበያ 2 ፒፕ ስቶፕ ቢያሰላ 5 ሎት ይገባል፣ ማንም አያስቆመውም።

የድሮ_ነጋዴ

ብሮከሩ ማርጅን የለህም ብሎ እስኪያስቆመው ድረስ ነው። ያ ደግሞ ዘግይቶ የሚመጣ ጣሪያ ነው።

ስካልፐር፣ አካሄድህ ለዜናና ለሌሊት ተጠንቅቆ የተሠራ ነው፣ ያን አከብራለሁ። እኔ ግን ያልታቀደ ዜና ሰዓት ጠብቆ አይመጣም ብዬ አምናለሁ። በዚህ ላይ የምንስማማ አይመስለኝም።

ማለዳ_ዱባይ

ባክቴስቱን እንዳሉኝ በ500 ዶላር አሂጄ መጣሁ፣ ጋሼ። `MathMax`ን አውጥቼ ወደ ታች እንዲያጠጋጋ አድርጌዋለሁ። ከ2022 ወዲህ ያሉትን ትሬዶች አብዛኞቹን ዘለላቸው። የገባባቸው ስቶፑ ከ5 ዶላር በታች የሆነባቸው ብቻ ናቸው። እነሱ ደግሞ ገበያው ፀጥ ያለባቸው ሰዓታት ናቸው፤ ሰብሮ የወጣ መስሎ ተመልሶ የሚገባባቸው። ውጤቱ ከመጀመሪያው ጋር አይመሳሰልም፣ ኪሳራ ነው።

ስለዚህ ምርጫዬ ምንድን ነው? ገንዘብ ልጨምር?

የድሮ_ነጋዴ

ያገኘኸው ዋናው ነገር ነው። ሕጉን ስታከብር ስልቱ የሚሠራባቸውን ትሬዶች አካውንትህ አይችላቸውም።

ገንዘብ መጨመር ካሰብክ ስሌቱን እወቀው። ለ14 ዶላር ስቶፕ በ1% አንዷን 0.01 ለመግባት 1,400 ዶላር ያስፈልጋል። እስከ 2,800 ድረስ ግን በ0.01 ብቻ ነው የምትቆየው። 2,700 ዶላር ኖሮህ የምትጠቀመው ግማሽ ፐርሰንት ገደማ ነው። ደረጃው ሳይታወቅ እንዲሄድ ከፈለግክ 14,000 ዶላር አካባቢ ያስፈልጋል። እሱም የሶልን የሁለት እጥፍ ጣሪያ ሳንቆጥር ነው። ያልተፈተነ ቦት ላይ ያን ያህል ገንዘብ አስገባ አልልህም።

ሌላው መንገድ የሴንት አካውንት ነው። 500 ዶላርህ 50,000 ሴንት ሆኖ ይታያል። የ0.01 ሎት ኪሳራ 14 ሴንት ይሆናል። 1% 500 ሴንት ስለሆነ 0.35 ሎት ይወጣል፣ ስቶፕ ሲመታ 4 ዶላር ከ90 ትከስራለህ። ስፕሬዱ ከተራው አካውንት ሊሰፋ ይችላል። የወርቁ ኮንትራት ስፋትም በየብሮከሩ ስለሚለያይ፣ ከመጀመርህ በፊት `SYMBOL_TRADE_CONTRACT_SIZE` ስንት እንደሚል አትመህ እየው።

ማለዳ_ዱባይ

የሴንቱን እሞክራለሁ። የመጨረሻ ጥያቄ፦ 1%ን ከባላንስ ላይ ነው ከኢኩዊቲ ላይ የምወስደው?

የድሮ_ነጋዴ

ከሁለቱ ትንሹን። ክፍት ትሬድህ እየከሰረ ከሆነ ባላንሱ ገና አያውቀውም። እያተረፈ ከሆነ ደግሞ ያ ትርፍ ገና እጅህ አልገባም።

ሶል_በርሊን

እኔ ኢኩዊቲ ብቻ ነው የምጠቀመው። ክፍት ትርፍ ላይ ስቶፑን ወደ መግቢያዬ ስለማስጠጋ። አንተ ግን በአንድ ጊዜ አንድ ትሬድ ብቻ ስለምትይዝ ስትገባ ሁለቱ እኩል ናቸው። ለአሁኑ የእሳቸውን ተከተል። ሁለተኛ ትሬድ መክፈት ስትጀምር እንነጋገርበታለን።